የማሙሽ የመጀመሪያ ካርድ

ለአንድ ትንሽ ልጅ ባዶ ካርድ ስጡትና «ለአያትህ የሆነ ነገር ጻፍላቸው» በሉት። መጀመሪያ ካርዱን ያገላብጠዋል። ከዚያ ቀና ብሎ እናንተን ያያል። ከዚያ «ምን ብዬ?» ይላል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እኛ ትልልቆቹ መልሱ አፋችን ላይ ነው ያለው። «እንኳን ለበዓሉ በሰላም በጤና አደረሰዎ በል» እንላለን፣ ልጁም የተባለውን ይጽፋል። አያት ዘንድ የሚደርሰው የእናትየዋ ካርድ ነው። የልጁ የሆነው የእጅ ጽሑፉ ብቻ ነው።

እስቲ የእህቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ማሙሽ እንበለው፣ እውነተኛ ስሙን ሲያድግ ራሱ ይናገር። አንደኛ ክፍል ነው፣ 6 ዓመቱን ጨርሷል። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ልጅ እርሳስ ይዞ ሲታገል እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አይሆንልኝም። እህቴ በዚህ ትበሽቃለች። «ሙያሽን በር ላይ አስቀምጠሽ ግቢ» ትለኛለች።

በዓሉ ሲቃረብ ወንድማችን አባታችን ጋ ሊሄድ ተነሳ። አባታችን የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ማሙሽ አባባ ነው የሚላቸው። «ዘንድሮ መጻፍ ችሏል አይደል? በራሱ እጅ ካርድ ይጻፍላቸው» የሚለው ሐሳብ የእህቴ ነው፣ ጥሩ ሐሳብም ነው። ችግሩ አጀማመሩ ነበር። እህቴ አጠገቡ ተቀመጠችና በቃሏ ትነግረው ጀመር። «እንኳን ለበዓሉ በሰላም በጤና አደረሰዎ። በዓሉ የሰላም፣ የጤና፣ የደስታ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።»

ማሙሽ የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመ። «ኳ የቱ ነው?»

እውነቱን ነው። ልብ ብላችሁ አታውቁ ይሆናል እንጂ፣ እኛ ለበዓል የምንጽፈው ነገር ሁሉ የሚጀምረው የአንደኛ ክፍል ልጅ ገና ያልለመደው ፊደል ባለበት ቃል ነው። «ኳ» ከሰባቱ ቤቶች ውስጥ የለችም። ከገበታው ግርጌ፣ ከዲቃሎቹ ፊደላት ጋር ነው ያለችው፣ እዚያ የሚደረሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዱ ልጅ «እንኩዋን» ብሎ ይወጣዋል፣ እኔ ይህን ስህተት ብዬ አላውቅም፣ ጆሮው የሰማውን በሚያውቀው ፊደል መጻፉ ነው። ማሙሽ ግን ትክክለኛዋን ካላገኘሁ አለ። ተነስቶ ገበታው ጋ ሄደና ቅርጿን በጣቱ አየር ላይ ስሎ ስሎ ተመለሰ።

ሲመለስ ቀጣዩ ቃል ጠፍቶታል።

እህቴ ደገመችለት። «ለበዓሉ» የሚለውን ጻፈ። አሁንም የቀረውን ረሳው። ደገመችለት። «በሰላም» ላይ ሲደርስ ድምጿ ከፍ አለ፣ የማሙሽ ትከሻ ደግሞ ወደ ጆሮው ወጣ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ዝንጉም አይደለም። እኛ ስንጽፍ እጃችን ራሱ ነው የሚጽፈው፣ ጭንቅላታችን ለሐሳቡ ነፃ ነው። መጻፍ ለጀመረ ልጅ ግን እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ላ» የቱ እግሯ ይረዝማል፣ ከየት ልጀምር፣ መስመሩን ለቀቅሁ ወይ፣ እያለ ነው የሚሄደው። ያን ሁሉ እያሰበ ከሌላ ሰው አፍ የመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መያዝ አይችልም። የራሱን ሐሳብ ግን ይይዛል። ፊደል ሲፈልግ ቢጠፋበት እንኳ ተመልሶ ያገኘዋል፣ ምክንያቱም የራሱ ነው፣ ማንም እንዲደግምለት አያስፈልግም።

ሌላም ችግር ነበር፣ እሱ እንኳ ተራ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እህቴ ያዘጋጀችው ወረቀት የኤ4 ግማሽ ነበር፣ ለሁለት ታጥፎ። እንዲህ ሲታጠፍ የውስጡ ገጽ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የማሙሽ አንድ ፊደል ክፍተቷን ጨምራ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትወስዳለች። ከዳርና ከዳር ትንሽ ስትተዉ አንድ መስመር 6 ፊደል ይይዛል፣ ገጹ ደግሞ 5 መስመር ቢሆን ነው። በአጠቃላይ 30 ፊደል ማለት ነው። የእህቴን ዓረፍተ ነገሮች ቆጠርኳቸው፣ 46 ፊደል ናቸው፣ ያውም ክፍተትና ነጥብ ሳይጨመር። ልጁ ግማሽ ላይ ቦታ ሊያልቅበት ነው። ከዚያ ፊደሎቹን እያጨማደደ ጥግ ላይ ሊደረድራቸው ነው፣ ከዚያ «አበላሸኸው» ሊባል ነው። ገና ሳይጀምር ያለቀለት ጉዳይ ነበር።

«እስቲ ለኔ ተይልኝ» አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰችና ተነሳች።

እርሳሱን ከእጁ አስቀመጥኩት። ይሄኛው ይረሳል እንጂ ዋናው ነገር ነው። ልጅ እርሳስ ይዞ እያለ «ምን ልትል ትፈልጋለህ?» ሲባል የሚያስበው የሚችላቸውን ፊደሎች ነው። መጀመሪያ በአፉ ይናገር። አጠያየቁም ለውጥ አለው። «ለአባባ ምን ትመኝላቸዋለህ?» ካላችሁት የቴሌቪዥን እንኳን አደረሳችሁ ነው የሚያወርድላችሁ። እኔ ያልኩት «አባባ አሁን በዚያ በር ቢገቡ መጀመሪያ ምን ትላቸዋለህ?» ነው።

ዝም አለ። በሩን አየው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሬዲዮህን የነካሁት እኔ ነኝ» አለ።

ወይ ጉድ! ይህ ሬዲዮ በቤተሰባችን ውስጥ ስንት ያነጋገረ ሬዲዮ መሰላችሁ። አባታችን ዜና የሚሰሙበት ያ አሮጌ ሬዲዮ ነው፣ ጣቢያ የሚፈለገው እንደ ድሮው በሚዞረው ቁልፍ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ ጣቢያቸው ላይ ካደረጉት በኋላ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። ባለፈው ሁላችንም እዚያ በሄድን ጊዜ፣ ማታ ለዜና ሲከፍቱት ሽሽሽ ብቻ ሆነ። ወንድሜ ከዚያ በፊት ሬዲዮው አጠገብ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ ታይቶ ነበር። በቃ፣ እሱ ነው ተባለ። ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም። እስከ ዛሬ ስልክ ሲደውል «ያቺን ሬዲዮ ያበላሸህብኝ» ሳይሉት አይዘጉም። በቀልድ ነው፣ ግን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በቀልድም አይደለም።

ማሙሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ይዞት ኖሯል። ድምፅ ሲለዋወጥ ደስ ብሎት ቁልፉን አዞረው፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋበት፣ ከዚያ ትልልቅ ሰዎች መጨቃጨቅ ሲጀምሩ ዝም አለ። 6 ዓመት የሞላው ሰው ምን ያድርግ?

«ይህን ልትጽፍለት ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ይቆጣኛል?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ ራሱን ጠይቀው።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ አትቆጣኝ ብዬ እጽፋለሁ።»

ያን ጊዜ እህቴ ከወጥ ቤት ደረሰች። ስትሰማ መሳቅም መቆጣትም አማራት። በኋላ ቁጣው አሸነፈ። «አንተ ልጅ! አንተ ነህ እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ?» ቀጥላ ወደኔ ዞረች። «ደግሞስ በበዓል ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል? በስልክ ይነግራቸዋል። ካርዱ ላይ ወጉን ይጻፍ።»

እኔና እሷ የተለያየነው እዚህ ጋ ነው። እህቴ ለወጉ ትጨነቃለች፣ ወጉ ደግሞ ከንቱ አይደለም። «እንኳን አደረሰህ» ማለት ሰላምታ ነው፣ ሰው ቤት ስትገቡ ሰላም ሳትሉ ወሬ አትጀምሩም። ስለዚህ ካርዱ በሰላምታ ይጀምር፣ በዚህ ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ሰላምታውን ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላል። ካርዱን ማሙሽ ለአባባ የጻፈው የሚያደርገው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ያለሱ ካርዱ ላይ ስም ብቻ ቀይሮ ለፈለጉት ሰው መላክ ይቻላል።

በነገራችን ላይ የታተመ የበዓል ካርድ የተጀመረው ላለመጻፍ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። ለገና ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ መጻፍ አልደርስ ቢለው ሆርስሊ የሚባል ሠዓሊ ወዳጁን ሥዕል አሠራና አሳተመው። መልካም ምኞቱ አብሮ ታትሟል፣ ለኮል የቀረው የተቀባዩንና የራሱን ስም መሙላት ብቻ ነበር። ብልህ ሰው ነው፣ አልከሰውም። ግን ማሙሽ ሥራ አልበዛበትም፣ የሚጽፍለትም አንድ ሰው ነው።

ሌላው ክርክር «አንተ» ነው «እርስዎ» የሚለው ነበር። እኛ ልጆቻቸው አባታችንን እርስዎ እያልን ነው ያደግነው። የልጅ ልጃቸው ግን አንተ ነው የሚላቸው፣ እሳቸውም ይህንን ይወዱታል። እህቴ «በአፍህ እንደፈለግህ በል፣ በጽሑፍ ሲሆን ግን እርስዎ ነው የሚባለው» አለችው። ማሙሽ ግራ ገብቶት አያት።

«እርስዎ ካልኩት እኔ መሆኔን አያውቅም» አላት።

እህቴ መልስ አልነበራትም። እኔም አልጨመርኩበትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ትንሿን ካርድ ተውናትና ሙሉ ኤ4 ወረቀት ለሁለት አጠፍን፣ ወፈር ያለውን። ወፍራም ወረቀት ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጫን ብላችሁ መስመሩን ማስረግ ነው። አሁን የውስጡ ገጽ ወርዱ ወደ 15፣ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በአንድ መስመር 8 ፊደል ይገባል። እኔ በእርሳስ በጣም አቅልዬ መስመር አሰመርኩለት፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት፣ በኋላ የሚጠፋ።

ማሙሽ በቢጫ ማርከር ካልጻፍኩ አለ። ቢጫ የሚወደው ቀለም ነው። ይህ ለአያት ካርድ ላይ የሚመጣ የታወቀ ችግር ነው። አንደኛ፣ ሰው ሲያረጅ የቅርብ እይታው ይደክማል። ሁለተኛ፣ የዓይን ሞራ ካለ ፈዘዝ ያለ ነገር ከነጭ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ቢጫ በነጭ ላይ ለኛም ቢሆን በግድ ነው የሚታየው። ለልጁ ግን «ቢጫ አይሆንም» ብቻ ብትሉት ቀለሙን ጠላችሁበት ነው የሚመስለው። ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል በቢጫ፣ አንድ በጥቁር እንዲጽፍ አደረግሁ። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋን፣ ወረቀቱን ከወንበር ላይ አቁመን ራቅ ብለን ዓይናችንን ጨፈን አድርገን አየን። ቢጫው የለም። «አባባ እንዲህ ነው የሚያየው?» አለ። ምናልባት፣ አልኩት። ቢጫውን ለፊት ገጹ ሥዕል አደረገው፣ ፊደሉን በጥቁር ለመጻፍ ራሱ ወሰነ። ሥዕሉን ለብቻው ወረቀት ላይ ሠርቶ ነው የለጠፍነው፣ ማርከር ወደ ኋላ ስለሚያሳልፍ ውስጡን እንዳያበላሸው። የልጅ ፊደል ትልቅነት ደግሞ እዚህ ላይ ጠቀመ። አባታችን ጋዜጣ በመነጽርም ይቸገራሉ፣ የማሙሽን «እ» ግን ከክፍሉ ማዶ ሆነው ያነቡታል።

ከዚያ መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ በእርሳስ፣ በላዩ በጥቁር። ረቂቅ ጽፎ ይገልብጥ አላልኩም። ለዚህ ዕድሜ ልጅ መገልበጥ ማለት ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም እጁ ደክሟል፣ ሐሳቡም አልቆበታል። የሚያስቸግሩትን ሁለት ሦስት ፊደሎች ብቻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከረ።

ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ክፍተት ሳይተው ቀጠለ። ይህ ሁሉም ልጅ የሚያደርገው ነው። ስንናገር በቃልና በቃል መካከል ዝምታ የለም፣ ታዲያ ልጁ የማይሰማውን ነገር ለምን ይጽፈዋል? ትምህርት ቤት ለዚህ የምናስተምረው ጣት ማስቀመጥን ነው። ቃሉን ጨርስ፣ ጣትህን አስቀምጥ፣ ከጣትህ ወዲያ ጀምር። ማሙሽ አስቀመጠና ጣቱ ቦታውን እንደበላበት አየ። 8 ፊደል ብቻ በሚገባበት መስመር ላይ ውድ ነገር ነው። «አባባ ነጥብ ነው የሚያደርገው» አለኝ። የአባታችንን እጅ ጽሑፍ አይቷል፣ እሳቸው እስከ ዛሬ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ነው የሚለዩት። ቦታ አይፈጅም፣ ደግሞ ለሚያነበው ሰው የለመደው ነገር ነው። በዚያው ገፋበት።

መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን መሐል ላይ ቆርጦ ወደ ታች ወረደ። እህቴ ከኋላ «ኧረ ቃል አይቆረጥም!» አለች። በድሮ የብራና መጻሕፍት ላይ ግን ጸሐፊዎቹ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፣ መስመሩ ሲሞላ ቃሉን የትም ቆርጠው ይወርዳሉ። ሁለት ነጥቡ ቃሉ የት እንዳለቀ ስለሚናገር አንባቢው አይሳሳትም። ማሙሽ ይህን አያውቅም፣ ቦታ አልቆበት ነው። ግን ነጥቡ ስላለ ያስኬዳል።

ከሰላምታው በኋላ ትልቁ ችግር መጣ። «አባባ» ብሎ የጻፈው «አቦቦ» ሆኖ ቁጭ አለ።

ይሄኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ«ባ» እና በ«ቦ» መካከል ያለው ልዩነት የቱ እግር ይረዝማል የሚለው ብቻ ነው። «ባ» ቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ «ቦ» ግራዋ። አንዷን በመስታወት ብታዩዋት ሌላዋ ናት። ልጅ ደግሞ ከመጻፍ በፊት በኖረበት ዓለም ውስጥ ግራና ቀኝ ነገርን አይለውጥም። ኩባያ ጆሮው ወደ ግራ ቢዞርም ወደ ቀኝ ቢዞርም ያው ኩባያ ነው። ፊደል ላይ ብቻ ነው ይህ ሕግ የሚፈርሰው፣ ያንን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። እስከ 7 ዓመት ገደማ ድረስ ፊደል መገልበጥ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ልጁ ብዙ ፊደሎችን ከዚያ ዕድሜ በኋላም እየገለበጠ ከቀጠለና ማንበቡም አብሮ ከከበደው፣ ያኔ ከአስተማሪው ጋር መነጋገር ነው።

እኔ «ተሳስተሃል» አላልኩትም፣ እርሳሱንም አልቀማሁትም። «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት። በጣቱ እየተከተለ «አ ባ ባ» ብሎ አነበበው። አላየውም፣ ምክንያቱም የሚያነበው ወረቀቱን ሳይሆን የፈለገውን ነው። «ባ የቱ እግሯ ነው ረጅሙ?» አልኩት። ገበታው ጋ ሄደ፣ አየ፣ ተመለሰ፣ «ውይ!» አለ። ላጲሱን አነሳ። የመጀመሪያዋን አጠፋና አስተካከላት። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን ላጲሱ እርሳሱን አጠቋቆረውና ወረቀቱ መላጥ ጀመረ።

«ተወው» አልኩት። አስቦ አስቦ ተወው።

እኔ ስህተትን እንዲህ ነው የምለየው። ለአንባቢው ትርጉም የሚቀይር ከሆነ እጠይቃለሁ፣ እሱ አይቶ ያርመዋል ወይም ይተወዋል። ሳይቸገር የሚነበብ ከሆነ ዝም እላለሁ። በራሴ እጅ ግን አልነካም፣ አንዲት ፊደልም ብትሆን። እኔ ያስተካከልኳት ፊደል ከሌሎቹ መሐል ቆማ ወዲያው ትታያለች፣ አያትም ያያታል፣ ልጁም ያያታል።

«ሬዲዮህን» ላይ ሲደርስ ፊደሎቹ እየተለቁ፣ ከመስመሩም እየተነሱ መጡ። እርሳሱን የያዙት ጣቶቹ ጫፋቸው ነጭ ሆኗል። ይህ የድካም ምልክት ነው፣ «ጎበዝ፣ ትንሽ ቀረህ» ማለት አይጠቅመውም። አቆምን። የቀረውን በማግስቱ ጠዋት ጻፈው፣ ፊደሎቹም ወደ ልካቸው ተመለሱ። ሲያልቅ ውስጡ ይህን ይመስል ነበር፦

እንኳን፡አደረ
ሰህ፡አባቦ።
ሬዲዮህን፡የነ
ካሁት፡እኔ፡ነ
ኝ።አትቆጣኝ።

አምስት መስመር። ከታች ስሙን በትልቁ ጻፈ፣ ለሥዕልም ቦታ ተረፈው፣ ሬዲዮ ሣለበት። ሬዲዮው ቢጫ ነው።

እህቴ አነበበችው። «አባቦ» ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህቺንስ እንኳ...» ብላ እስክሪብቶ ልታነሳ ስትል ማሙሽ ካርዱን ወደ ደረቱ ወሰደው። ነገሩ በዚህ አበቃ።

ወንድማችን ሲመጣ ካርዱ በፖስታ ታሽጎ ጠበቀው። እንዳይተጣጠፍ ደብተር ውስጥ ከተትነው። ማሙሽ አጎቱን ቀና ብሎ እያየ «አትክፈተው» አለው። «የአባባ ነው።» ወንድሜ ሳቀና ማለ። ሲወነጀልበት የኖረውን ነገር የሚያነሳለት ወረቀት በገዛ ሻንጣው ይዞ እንደሚሄድ አላወቀም፣ እኔና እህቴም አልነገርነውም። ይህን ደስታ ማን ይነፍገናል?

ከዚያ የሆነውን ከወንድሜ ነው የሰማነው። አባታችን መነጽራቸውን ሳያደርጉ አነበቡት። አንድ ጊዜ አነበቡና ወንድሜን አዩት። እንደገና አነበቡት። «ና እስቲ» አሉት። ወንድሜ ምን አጠፋሁ ብሎ ቀረበ፣ ካርዱን ሰጡት። እሱ ሲያነብ ሬዲዮው ወዳለበት ዞረው ተቀመጡ። «ታዲያ እኔ ምን አልኩ ያን ጊዜ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። «ጮክ አትበል፣ ዜና እየሰማሁ ነው» አሉት። ይቅርታቸው ይህ ነበር። አባታችንን ለሚያውቅ ትልቅ ይቅርታ ነው።

ለማሙሽ ግን መልስ ጻፉለት። በጽሑፍ ለመጣ ነገር በጽሑፍ ነው የሚመለሰው ብለው በስልክ ሊያናግሩት እንኳ አልፈለጉም። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ መጣ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ሁለት ነጥቦቹ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ማሙሽ መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ ራሱ አነበበው፣ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም።

«ለማሙሽ። ካርድህ፡ ደርሶኛል። አልተቆጣሁም። ጣቢያውን፡ አግኝቼዋለሁ። አጎትህን፡ ግን፡ ይቅርታ፡ ጠይቀው። አባቦ።»

ፊርማው ላይ ሲደርስ ማሙሽ ቆመ። እንደገና አየው። «ረጅሙ እግር ተሳስቷል» አለ በጣም ተገርሞ፣ ገበታው ጋ ሄዶ እስኪያጣራ ድረስ። ወንድሜ እጆቹን አጣምሮ ይቅርታውን እየጠበቀ ቆሟል። እህቴ ደግሞ ከበስተኋላ ሆና ልጇን ከላይ እስከ ታች እያየችው ነበር።

«ና እስቲ አንተ ልጅ» አለችው። «ሌላስ ምን ነክተሃል?»